ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፤ የእናቴ ዓይነት ቁርጥማት ነው?

«ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው። አራት ወር ሆነኝ፣ ጠዋት ስነሳ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች አልታጠፍ ይሉኛል። 12 ሰዓት ተነስቼ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚፍታቱልኝ። የልጄን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ ባለቤቴ ነው የሚያለብሳት። ሪህ ነው ተብዬ ሥጋ ትቻለሁ፣ ሲብስብኝ ዲክሎፌናክ እወጋለሁ። ራጅ ተነስቼ ምንም የለም ተባልኩ። እናቴም ጉልበቷን ያማታል፣ የብርድ ነው ትለኛለች። ቀዝቃዛ ውሃ መንካት ልተው?»

የእናትዎ ጉልበትና የእርስዎ ጣቶች አንድ በሽታ አይመስሉኝም። ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው ቁልፉ ላይ ነው። የ36 ዓመት ሴት ከእንቅልፏ ተነስታ ለሰዓት ተኩል ቁልፍ መቆለፍ ካቃታት፣ ያውም ለአራት ወር፣ መገጣጠሚያዋ አላረጀም። ተቆጥቷል። በሚቀጥለው ሳምንት ወይም በዚያኛው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ከዚያ በላይ አያቆዩት።

በዕድሜና በሥራ ብዛት የሚመጣው ሕመም፣ እኛ ኦስቲዮአርትራይተስ የምንለው፣ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው። እናትዎን ይጠይቋቸው። ጠዋት ሲነሱ ጉልበታቸው ትንሽ ይይዛቸዋል፣ ከአልጋቸው ተነስተው ደጅ እስኪደርሱ ይለቃቸዋል። አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ደረጃ ሲወጡ፣ ገበያ ሲሄዱ፣ ቅዳሴ ቆመው ሲያስቀድሱ እየባሰ ይሄድና ማታ ቁጭ ሲሉ ያርፋሉ። ሥራ ያስነሳዋል፣ ዕረፍት ያበርደዋል።

የእርስዎ ግልባጩ ነው። እርስዎን የሚጎዳዎት ዕረፍቱ ነው፣ የሚያፍታታዎት ደግሞ እንቅስቃሴው። ይህ የብግነት፣ ማለትም የመገጣጠሚያ መቆጣት፣ ጠባይ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ በሚባለው በሽታ ላይ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ፈሳሽ ያመነጫል። ሌሊት እጅ ሳይንቀሳቀስ ስለሚያድር ፈሳሹ እዚያው ይቋጥራል። በዚያ ላይ ብግነቱን የሚያቀጣጥሉት ኬሚካሎች የሚበዙት ሊነጋጋ ሲል ነው። ስለዚህ ሰው የሚነቃው እሳቱ በጋለበት ሰዓት ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ለዚህም ነው አሥር ደቂቃ የማይበቃው።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥዎ። ሐኪም ጋ ከመሄድዎ በፊት ለሰባት ቀን ሰዓቱን ይጻፉ። የሚጽፉት የሕመሙን ማብቂያ እንዳይሆን፣ ብዙ ሰው «ቀኑን ሙሉ ያመኛል» ብሎ የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ብቻ ይመዝግቡ። አንዱ የነቁበት ነው። ሌላው እጅዎ «በቃ፣ ለዛሬ ከዚህ በላይ አይፍታታም» የሚሉበት ነው፤ ሕመም ቢቀርም ግድ የለም፣ ጡጫ መጨበጥ፣ ቧንቧ መክፈት፣ ጨርቅ መጭመቅ የቻሉበት ደቂቃ። መሀሉን ይቁጠሩ። ያቺ ወረቀት ለእኔ ከአንዳንድ የላቦራቶሪ ውጤት ትበልጥብኛለች።

ግን ሰዓቱ ብቻውን ዳኛ አይደለም። ጅምር ላይ ያለ ሩማቶይድ ግማሽ ሰዓት ብቻ ሊይዝ ይችላል። ፋይብሮማያልጂያ የሚባለው፣ መላ ሰውነትን የሚያሳምም በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ከሰዓት በላይ ተይዞ ይቆይና መገጣጠሚያው ላይ ግን ምንም እብጠት አይገኝም። ስለዚህ እጁን ማየትና መዳሰስ የግድ ነው፣ እርስዎም ቤት ሆነው ሊጀምሩት ይችላሉ።

ጡጫ ይጨብጡ። ጎልተው የሚወጡት አራቱ አንጓዎች መሀላቸው እንደ ሸለቆ ገባ ገባ ማለት አለበት። ሸለቆው ከጠፋና ከሞላ እብጠት አለ። በሌላኛው እጅዎ የአራቱን አንጓዎች ዳርና ዳር ይዘው፣ እጅ ሰላም እንደሚሉ አድርገው ጨመቅ ያድርጉት። ጤነኛ እጅ ይህን ይችላል። የተቆጣ እጅ ያስጮኻል። እብጠቱን በአውራ ጣትዎ ቢነኩት ለስለስ፣ ሞቅ ያለ ነው፣ እንደ ሊጥ ይገባል። ከዕድሜ የመጣ እብጠት ግን አጥንት ስለሆነ እንደ ጠጠር ይጠጥራል፣ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ ከጥፍር ሥር ባለው አንጓና በአውራ ጣት ሥር ነው። ሩማቶይድ የጥፍር ሥሩን አንጓ በአብዛኛው ይተወዋል። የጡጫውን አንጓ፣ የጣቱን መካከለኛ አንጓ፣ የእጅ አንጓንና የእግር ጣቶችን ሥር ነው የሚወድ፣ በግራም በቀኝም። ጠዋት ባዶ እግርዎን መሬት ሲረግጡ ጠጠር ላይ የቆሙ ይመስልዎታል? ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩት፣ ሳይጠየቅ ስለሚያልፍ።

ስለ ራጁ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ታካሚ ነበረችኝ፣ ወደ እኔ ስትመጣ 14 ወር ታማ ነበር። በሁለተኛው ወር ራጅ ተነሳች፣ ንጹሕ ነው ተባለች። የደም ምርመራ ተደረገላት፣ ሩማቶይድ ፋክተር ኔጋቲቭ ወጣ፣ «የለብሽም» ተባለች። ከዚያ ዲክሎፌናክ እየተወጋች ቆየች፣ ቀጥሎ አንድ ሰው የመከራትን ትንሽ ነጭ ክኒን ከመድኃኒት ቤት እየገዛች ስትውጥ በሁለተኛው ቀን ድና ሊጥ ማቡካት ጀመረች። ክኒኑ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው፣ ብግነትን ቶሎ የሚያበርድ ስቴሮይድ ነበር። ፊቷ ክብ ሆነ፣ ስኳሯ ከፍ አለ፣ ክኒኑን ባቆመች ቁጥር ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። እኔ ዘንድ የተነሳችው ራጅ ላይ የእጅ አንጓዋ አጥንት ተበልቶ ነበር። የተበላ አጥንት ደግሞ አይመለስም። አሁን በደንብ ትጋግራለች፣ የቀኝ እጇ አንጓ ግን ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ስለዚህ የእርስዎ ራጅ ንጹሕ መሆኑ «በሽታ የለም» ማለት አይደለም፣ ገና አጥንት አልተበላም ማለት ነው። ጥሩው ዕድልም ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ የተጀመረ ሕክምና ከዓመት በኋላ ከሚጀመረው በጣም የተሻለ ይሠራል።

የደም ምርመራውን በተመለከተ፣ ሩማቶይድ ፋክተር በሽታው እያለም ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል፣ በዕድሜ የገፋ ጤነኛ ሰው ወይም ሄፓታይተስ ሲ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ፖዘቲቭ ይወጣል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው የተሻለ ያስተማምናል፣ ካለ ይሠሩት፣ እሱም ቢሆን ኔጋቲቭ ሆኖ በሽታው ሊኖር ይችላል። ኢኤስአርና ሲአርፒ ብግነቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራሉ። የሄፓታይተስ ምርመራም ይጨመር፣ ቫይረስም እንዲህ ያለ የእጅ ሕመም ስለሚያመጣ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ቺኩንጉንያ ሲነሳ ሰዉ ሁሉ መገጣጠሚያውን ይዞ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አብዛኛው የቫይረስ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ እኛም ስድስት ሳምንት ያለፈውን እብጠት በተለየ ዓይን የምናየው ለዚህ ነው። እርስዎ አራት ወርዎ ነው።

ሥጋውን ይብሉ። እኛ አገር የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ሪህ» ይባላል እንጂ፣ ሥጋ የሚያስከለክለው ሪህ ከዩሪክ አሲድ የሚመጣው ነው። እሱ ባብዛኛው የእግር አውራ ጣትን በአንድ ሌሊት ነው የሚያነድ፣ የወር አበባዋ ያልቆመ ሴት ላይም እምብዛም አይታይም። የብግነት በሽታ ራሱ ደም ያሳንሳል፣ ሥጋ መከልከል ሲጨመርበት ድካሙ ይብሳል።

ዲክሎፌናኩ ሕመሙን ያስታግሳል፣ በሽታውን ግን አያቆመውም። እየተደጋገመ ሲሄድ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ሩማቶይድ መሆኑ ከተረጋገጠ ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው፣ እና እዚህ ላይ በጥሞና ያንብቡኝ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ የዋጡት ሰዎች ደማቸው አልቆ፣ አፋቸው ቆስሎ ሕይወታቸው ያለፈ አለ። አንድ ቀን ይምረጡ፣ ለምሳሌ ቅዳሜን፣ ካላንደር ላይ ያክብቡት፣ ለባለቤትዎም ይንገሩ። አብሮ ፎሊክ አሲድ ይታዘዛል፣ ብዙ ጊዜ በሌላ ቀን። ውጤቱ እስኪታይ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። እስኪሠራ ድረስ ሐኪሙ ራሱ ፕሬድኒሶሎን በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ ሊሰጥዎ ይችላል። ያን እኔም አዛለሁ፣ የምቃወመው ያለ ሐኪም የሚዋጠውን ነው። ጉበትና የደም ሴሎች በየጊዜው በምርመራ ይታያሉ፣ አረቄና ጠላም ይቀራል። ሌላ ልጅ አስበው ከሆነ ወይም እርጉዝ የመሆን ዕድል ካለ መጀመሪያ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሜቶትሬክሴት ፅንስ ይጎዳል፣ ከእርግዝና ጋር የሚስማማ ሌላ መድኃኒት ግን አለ።

የሩማቶሎጂ ሐኪም አገራችን ውስጥ ጥቂት ነው። በአቅራቢያዎ ካላገኙ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይጀምርልዎታል፣ ወረፋ እየጠበቁ ወራት አያሳልፉ። ቀጠሮዎን ከተቻለ ጠዋት ያድርጉት፣ እብጠቱ ሳይጠፋ ሐኪሙ በዓይኑ እንዲያየው። አይሆንም ከተባለ ከአልጋ እንደወረዱ እጅዎን በስልክ ፎቶ አንስተው ይውሰዱ። በመሀል አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ከትኩሳት ጋር ቢያብጥ ግን ቀጠሮ የሚባል የለም፣ መግል ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለእናትዎ ጉልበት የጭን ጡንቻ ማጠንከር ከመርፌ ይሻላቸዋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ቀጥ አድርገው እስከ አምስት ይቁጠሩና ያውርዱ፣ በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ።

ብርድና ቀዝቃዛ ውሃ ይህን በሽታ አያመጡም፣ የተቆጣ እጅን ግን ያሳምማሉ። ስለዚህ ልብስዎን ማጠብ አይከለከሉም። ጠዋት ግን ከሁሉ በፊት እጅዎን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይንከሩና ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀስ እያሉ ይጨብጡ፣ ይዘርጉ። ቁልፉን ከዚያ በኋላ ይሞክሩት።