መልስ፦ ለወላጆች የሚላክ የሳምንት ማስታወሻ

«ደብረ ብርሃን አካባቢ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። በዚህ ሳምንት በ እና ሰን ከነዝርያቸው ነው የምናስተምረው። ለወላጆች ምን ብዬ ልጻፍ? ማንበብ የማይችሉም አሉ።»

ሁሉንም ፊደል አይዘርዝሩ፤ ልጆቹ የሚሳሳቱበትን አንዱን ቦታ ይጻፉ። እንዲህ ቢሉስ፦

«ውድ ወላጆች፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ በን፣ ሐሙስና ዓርብ ሰን ከነዝርያቸው እንማራለን። ልጅዎ 'በ ቡ ቢ ባ' እያለ በዜማ ይወጣው ይሆናል፤ ለብቻው ሲያየው ግን ይጠፋበታል። በተለይ ባ እና ቦ ይምታቱበታል። ባ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ ቦ ግራው። ሳ እና ሶም እንደዚያው ናቸው።

ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ አሥር ደቂቃ ይበቃል። አራቱን ፊደላት በቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፈን እንልካለን። አደባልቀው አንድ አንድ ያሳዩት። ከ'በ' ጀምሮ እየቆጠረ ከደረሰበት ገና አልለየውም፤ 'የትኛው እግሩ ነው ረጅሙ?' ብለው ይጠይቁት፣ ከዚያ በጣቱ አመድ ላይ ይጻፈው። ዓርብ ማታ 'በሶ'ን እና 'ሰባ'ን ያንብብልዎ።»

ማንበብ ለማይችሉት ከካርቶኑ ጀርባ ሥዕል ይሳሉ፦ ለባ ባቄላ፣ ለቦ ቦርሳ፣ ለሳ ሳር፣ ለሶ ሶስት ጠጠር። ልጁ የፊደሉን ድምፅ ሲናገር ወላጁ ጀርባውን አይቶ ያርመዋል። ሥዕሉ ለልጁ ከታየ ግን ፊደሉን ትቶ ሥዕሉን ያነባል፤ ይህን በቃል ማስረዳት ይሻላል። የፊደል ዝርያዎቹን ስም (ካዕብ፣ ሳልስ) ማስታወሻው ውስጥ ባያስገቡ ይመረጣል፣ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።