«መልቀቂያ ጻፊ፣ ወልደሽ ስትመለሺ እንቀጥርሻለን» ሲሉሽ

«ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ሦስት ዓመቴ ነው፣ ደመወዜ 9,000 ብር ነው፣ በአጠቃላይ 34 ሠራተኞች ነን። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሐኪም ጥር 10 አካባቢ ትወልጃለሽ ብሎኛል። ሥራ አስኪያጁ ‹መልቀቂያ ጻፊ፣ ስትጠነክሪ እንመልስሻለን› አለኝ። የባሌ እናትም ‹ልጅ ይቅደም፣ ተይው› ይላሉ፤ በዕቁቡ ጁስ ቤት ብንከፍትስ? ብመለስስ ጡት ማጥቢያ ሰዓት ይሰጡኛል? ለመውለድ ዳንግላ እናቴ ጋ መሄድስ እችላለሁ? አካውንቲንግ መማርም አስቤያለሁ።»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምልሽ ቀን እስኪደርስ አንድ ነገር ያዢልኝ። ያንን መልቀቂያ አትጻፊ።

ለዓመታት በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ሠርቻለሁ። «በራሴ ፈቃድ» የሚል ወረቀት ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የቃል ተስፋው ፋይል ውስጥ አይገባም። ሥራ አስኪያጁ ሊቀየር ይችላል፣ ሆቴሉ ሊሸጥ ይችላል፣ ወረቀቱ ግን ይቀመጣል። ነገ ፍርድ ቤት ብትሄጂ የሚታየው ፊርማሽ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከነደመወዙ ይሰጥሻል። ድምሩ 120 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠሪ ከሆነ 20 ሳምንት ማለት ነው። ወር 26 የሥራ ቀን ብለን ካሰብነው፣ በ9,000 ብር ደመወዝ ከ41 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። መልቀቂያ ከጻፍሽ ይሄ ሁሉ ይቀራል። በፈቃዷ የለቀቀች ሠራተኛ ደግሞ አምስት ዓመት ካላገለገለች የአገልግሎት ክፍያ የላትም፤ አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነው። ጡረታውም ይቋረጣል። አማትሽን አክብሪያቸው፣ ግን «ልጅ ይቅደም» ሲሉ ይሄን ቁጥር ንገሪያቸው። የልጁ ዳይፐርና የአንቺ ገንፎ የሚመጣው ከዚያ ብር ነው።

ሕጉ ከዚህም ያልፋል። በእርግዝናሽ ጊዜና ከወለድሽ እስከ አራት ወር ድረስ አሠሪው ሊያሰናብትሽ አይችልም። ከእርግዝናሽ ጋር የማይገናኝ ከባድ ጥፋት ብታጠፊ ግን ይህ አያድንሽም፤ ስለዚህ በነዚህ ወራት አታርፍጂ፣ ከካዝና ቁጥጥርም ጋር አትጨቃጨቂ። ቱሪስት ጠፍቷል፣ ሠራተኛ እንቀንሳለን ሊሉሽም ይችላሉ። እውነት ሊሆንም ይችላል፣ ጣና ዳር ያለ ሆቴል ሁሉ የከረመበትን ታውቂዋለሽ። ነገር ግን ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ አምስት ሰው ሲነካ ነው። አንቺን ብቻ ነጥሎ ማስወጣት ቅነሳ አይባልም።

አሁን ብዙ ሴቶች የማያስተውሉት ቦታ ላይ ደረስን። ጥር 10 ብትወልጂ አራቱ ወር ግንቦት 10 ያበቃል። 90ው የሥራ ቀን ደግሞ በስድስት ቀን ሳምንት 15 ሳምንት ነው፤ ሚያዝያ 25 አካባቢ ያልቃል። በመሀል ያሉት በዓላት ከሥራ ቀን ስለማይቆጠሩ ጥቂት ቀን ይገፉታል። ወደ ሥራ በተመለስሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ ጥበቃ ያልቃል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ያባርሩሻል ማለት አይደለም። በእርግዝና ወይም በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ማሰናበት ሁልጊዜም ሕገ ወጥ ነው። ልዩነቱ ምክንያቱ ያ መሆኑን ማሳየት የሚጠበቅብሽ መሆኑ ነው፤ ለዚህ ነው ወረቀት የሚያስፈልግሽ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የእርግዝናሽንና የመውለጃ ቀንሽን ማስረጃ ከጤና ጣቢያ አውጪ። ከማመልከቻ ጋር አያይዘሽ አስገቢ፣ ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጊበት። አንቀበልም ካሉሽ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኪውና ደረሰኙን ያዢ። ማመልከቻው ረጅም አይሁን፦

«በእንግዳ መቀበያ ክፍል የምሠራ ስሆን ጥር 10 አካባቢ እወልዳለሁ። የቅድመ ወሊድ ፈቃዴ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ እንዲጀምርልኝና ፈቃዴን ስጨርስ ወደ ያዝኩት የሥራ መደብ እንድመለስ እጠይቃለሁ።»

«ወደ ያዝኩት የሥራ መደብ» የሚለውን አታውጪው። አዋጁ ማሰናበትን ይከለክላል እንጂ «እዚያው ወንበር ላይ» ብሎ በግልጽ አይጽፍም። ስትመለሺ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቢመድቡሽና ደመወዝሽን ቢነኩት፣ ያለ ስምምነትሽ የተደረገ የውል ለውጥ ነው ብለሽ ትከራከሪያለሽ።

ለሥራ አስኪያጁም መውጫ ስጪው። የሱ ጭንቀት መቀበያው ላይ ማን ይቆማል የሚል ነው። ሕጉ በፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ የሚተካ ሰው ለተወሰነ ጊዜ በኮንትራት መቅጠርን ይፈቅዳል። ይሄን ስትነግሪው ብዙ ጊዜ ድምፁ ይለሰልሳል። ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት እንደማይፈቀድም አስታውሺው፤ የማታ ሽፍት ይቅርልሽ።

ጡት ማጥባቱ ላይ እውነቱን ልንገርሽ። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 183 እናት በቀን አንዴ ወይም ከዚያ በላይ ጡት ማጥቢያ እረፍት እንድታገኝ፣ ሰዓቱም እንደ ሥራ ተቆጥሮ እንዲከፈላት ይላል። የ1919ኙ (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው ስምምነት እንኳ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብሎ ነበር። አዋጅ 1156 ግን ለዚህ ጉዳይ አንድም መስመር አልሰጠም። እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ጤና ባለሙያው ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ ይላል፣ ፈቃዱ ግን ከአራት ወር በፊት ያልቃል። ስለዚህ ይሄ በስምምነት የሚገኝ ነገር ነው። ሆቴሉ ሠራተኛ ማኅበርና የኅብረት ስምምነት ካለው መጀመሪያ እሱን አንብቢ፤ እዚያ ተጽፎ ከሆነ ግዴታቸው ነው።

ካልሆነ ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው የጠዋት ሽፍት ብቻ እንዲሰጡሽ፣ በመሀልም ሁለት ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲፈቅዱልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ሽፍቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ከሆነ አንዱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሌላው 7 ሰዓት ላይ ይሁን። ቤትሽ በባጃጅ ደርሶ መልስ ግማሽ ሰዓት ከፈጀ ሩጫው ትርፍ የለውም። ያኔ ሁለቱን አጣምረሽ አንድ ሰዓት ቀድመሽ መውጣትን ጠይቂ፣ በሥራ ሰዓት ግን ጡትሽን እለቢ። የታለበ የጡት ወተት በክፍል ሙቀት ለአራት ሰዓት ያህል፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ሙቀት ስለሚያይል ፍሪጁን ምረጪ፤ የሆቴል ኩሽና ውስጥ ፍሪጅ አይጠፋም። የሚዘጋ ክፍል ስጡኝ በይ እንጂ ሽንት ቤት አትለቢ። ቀኑን ሙሉ ሳይታለብ የዋለ ጡት ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ወተቱም ይቀንሳል።

ዳንግላ ሂጂ፣ እናት ጋ መታረስን የመሰለ የለም፤ የክትትል ካርድሽን ብቻ አትርሺ። ጁስ ቤቱን ባልሽ ይጀምረው፣ የአንቺ ደመወዝ ከሌለ የዕቁቡን ዕጣ የቤት ኪራይ ይበላዋል። አካውንቲንግ ከወለድሽ በኋላ በሚመጣው መስከረም ይደርሳል።

ስትመለሺ «ቦታሽ ተይዟል» ቢሉሽ ዝም ብለሽ ወደ ቤት አትመለሺ። በጽሑፍ ስጡኝ በይ፣ እምቢ ካሉ የመጣሽበትን ቀን ጠቅሰሽ ራስሽ ጻፊና አስገቢ። ከዚያ የከተማው ሥራና ሥልጠና መምሪያ ሄደሽ የአሠሪና ሠራተኛ ባለሙያ አነጋግሪ። እዚያ ካልተፈታ ፍርድ ቤት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ምክንያቱ እርግዝናሽ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራሽ ሊመልስሽ ይችላል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ግን ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል፤ «ቆይ እናስብበት» እያሉ ሳምንት ከሳምንት ሲያመላልሱሽ ይሄን ቀን ቁጠሪ።