ጋርዱ ስለተነሣ ኮንቬየር ለኃላፊ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኦፕሬተር ነኝ። የኮንቬየራችን ጋርድ ከተነሣ ወር ሊሞላው ነው። በቃል ሁለት ጊዜ ተናግሬ “እሺ፣ እናየዋለን” ተብያለሁ። ሱፐርቫይዘሬ በዕድሜም በሥራ ልምድም የሚበልጡኝ ሰው ስለሆኑ ክስ የሚመስል ነገር መጻፍ አልፈልግም፤ ነገር ግን ቀላል ነገር አድርገው እንዲያልፉትም አልፈልግም። እንዴት ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦

እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ የእንስሳት መኖ ማቀነባበሪያ በኦፕሬተርነት ስሠራ ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ገጥሞኝ ነበር፤ የአንዱን ኮንቬየር የኋላ ሮለር ሰው እንዳይነካው የሚከልለው የብረት ጋርድ ተነሥቶ ነበር። መጀመሪያ የጻፍሁት ማመልከቻ ነገሩን አበላሽቶብኛል፤ ሁለተኛው ግን ሠርቷል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የነበረውን ልዩነት ማስረዳቱ ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

የመጀመሪያው ማመልከቻዬ በግምት እንዲህ የሚል ነበር፦ «በሥራ ክፍላችን እጅግ አሳሳቢ የደኅንነት ችግር ያለ ሲሆን፣ በሚመለከታቸው አካላት ቸልተኝነት የሠራተኛው ሕይወት አደጋ ላይ ወድቋል፤ አስቸኳይ መፍትሔ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።» ሱፐርቫይዘሩ በማግስቱ ቢሮ አስጠርተውኝ «ቸልተኛ ያልኸው ማንን ነው?» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት የተነጋገርነው ስለዚያች ቃል ብቻ ነበር። ስለ ሮለሩ አንድም ነገር ሳይነሣ ወጣሁ። በኋላ ወረቀቱን መልሼ ሳነበው ተቆጡ ብዬ ልወቅሳቸው አልቻልሁም፤ የትኛው ማሽን እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምን እንዲደረግ እንደምፈልግ አንዱንም አልጻፍሁም ነበር። ክብደቱን ሁሉ የጫንሁት «እጅግ» እና «አሳሳቢ» በሚሉት ቃላት ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሌሊት ፈረቃ የሚጠርግ ባልደረባችን እጅ ላይ የነበረው መጥረጊያ በሮለሩ ተነጥቆ እንጨቱ ተሰበረ። ሰው አልተጎዳም። በዚያው ፈረቃ መጨረሻ ላይ ሁለተኛውን ማመልከቻ ጻፍሁ። ከመጻፌ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን ለካሁ። ቤልቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ በኮንቬየሩ ሁለት እግሮች መካከል ያለውን 6 ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሚያልፍ በስልኬ ያዝሁ፤ 4 ሰከንድ ሆነ፤ ይህም በሰከንድ 1.5 ሜትር ማለት ነው። የማቆሚያው አዝራር ከኋላ ሮለሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለካሁ። ጠራጊው በአንድ ፈረቃ ስንት ጊዜ ወደዚያ ቦታ እንደሚጠጋም ቆጠርሁ። እነዚህን ከራቅ ካለ ቦታ ሆኖ፣ ማሽኑን ሳይነኩ መለካት ይቻላል፤ እርስዎም ለመለካት ብለው ወደ ሮለሩ እንዳይጠጉ አደራ እላለሁ።

የሁለተኛው ማመልከቻ ይዘት የሚከተለው ነበር።

ቀን፦ ኅዳር 17 ቀን 2012 ዓ.ም.
ለምርት ክፍል ሱፐርቫይዘር
ጉዳዩ፦ የ2ኛው ኮንቬየር የኋላ ሮለር ያለ ጋርድ እየሠራ መሆኑን ስለማሳወቅ

«ከኅዳር 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በ2ኛው ኮንቬየር የኋላ ሮለር ላይ የነበረው የብረት ጋርድ ተፈቶ ግድግዳው ጥግ ተቀምጧል። ማሽኑም በዚሁ ሁኔታ በሦስቱም ፈረቃዎች እየሠራ ይገኛል። ከታች በኩል የሚመለሰው ቤልት ሮለሩ ላይ የሚጠመጠምበት ቦታ አሁን ክፍት ሲሆን፣ የፈሰሰውን እህል የሚጠርግ ሠራተኛ በአንድ ፈረቃ አራት ጊዜ ያህል ከዚህ ቦታ በክንድ ርቀት ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይሠራል። ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ መጥረጊያው በሮለሩ ተስቦ ተሰብሯል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ይህ ሲሆን እኔ በቦታው ነበርሁ። ቤልቱ በሰከንድ 1.5 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ እጅ ወይም የአንገት ልብስ ቢይዝ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ 75 ሳንቲ ሜትር ይስባል። የማቆሚያው አዝራር ከዚያ ቦታ 8 ሜትር ስለሚርቅ የተያዘው ሰው ራሱ ሊደርስበት አይችልም። ስለሆነም ጋርዱ እስኪመለስ ድረስ ጥረጋው ማሽኑ ቆሞና ዋናው ማብሪያ ተቆልፎ፣ ቁልፉም በጠራጊው እጅ ሆኖ እንዲከናወን፤ ጋርዱ የሚመለስበት ቀንም እስከ ኅዳር 20 ቀን እንዲገለጽልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

በዚህ ወረቀት ውስጥ «አደገኛ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ያነበበው ሰው ግን ክንድ ሲሳብ በዓይነ ኅሊናው ማየቱ አይቀርም። የነገሩ ክብደት የሚመጣው ከሮለሩ አሠራር፣ ከቤልቱ ፍጥነት፣ ከአዝራሩ ርቀትና በየፈረቃው ከሚደጋገመው መጠጋት ነው። ቃላቱ እርጋታ ስላላቸው ኃላፊው የሚከራከረው ከጸሐፊው ስሜት ጋር አይሆንም፤ መከራከር ቢፈልግ እንኳ ሜትር ይዞ ወርዶ 8 ሜትሩን መለካት ይኖርበታል።

«ተፈቶ ተቀምጧል» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ማን እንደፈታው በዓይኔ አላየሁም፤ «ጥገና ክፍል ፈቶ ጣለው» ብል ኖሮ ግምቴን እንደ እውነት መጻፌ ነበር፤ የሁለቱ ክፍሎች ንትርክም ጋርዱን ያስረሳ ነበር። አማርኛችን አድራጊውን ሳይጠሩ ድርጊቱን ብቻ ለመናገር ይመቻል፤ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። መጥረጊያው ሲሰበር በቦታው እንደነበርሁ የገለጽሁትም፣ ያየሁትን ከሰማሁት ለመለየት ነው። ከሌላ ሰው የሰሙትን የሚጽፉ ከሆነ «የሌሊት ፈረቃው ጠራጊ እንደነገረኝ» ብለው በግልጽ ይለዩት።

ብዙ ሰው «ጉዳት የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጉዳዩን ያቀልብኛል ብሎ ይተወዋል። እኔ ተቃራኒውን አይቻለሁ። ኃላፊው አደጋ ደርሷል ብለው ደንግጠው ወርደው ሁሉም ሰው ደኅና መሆኑን ቢያዩ፣ የቀረውንም ጽሑፌን በጥርጣሬ ያነቡት ነበር።

በጨዋነት ስም የምንሠራው አንድ ስህተት ደግሞ አለ። ከይሉኝታ የተነሣ «ቢቻልና ሁኔታው ከፈቀደ ጋርዱ ቢመለስ መልካም ነው» ብለን እንጽፋለን። «ቢቻል» የሚለው ቃል ጥያቄውን ወደ ምርጫ ይለውጠዋል፤ ሥራ የበዛበት ሰውም አልተቻለም ይላል። «በአክብሮት እጠይቃለሁ» ማለት ለዕድሜያቸውም ለሹመታቸውም የሚገባውን ክብር ይሰጣል፤ ጥያቄውን ግን አያለዝበውም። ቀኑንም ይጻፉ። እኔ የጠየቅሁት ጋርዱ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲገጠም አልነበረም፤ የሚገጠምበት ቀን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነገረን ነበር። ብየዳ የሚፈልግ ከሆነ ሦስት ቀን ላይበቃ ይችላል፤ ቀኑን ለመናገር ግን ይበቃል።

የምርት መዘግየት ኃላፊውን እንደሚያስጨንቃቸው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ጊዜያዊ መፍትሔውን ዛሬውኑ ሊፈጸም የሚችል አድርጎ ማቅረብ ያስፈልጋል። «ማሽኑ ይቁም» ብቻ ብል ኖሮ መልሱ እምቢታ ይሆን ነበር ብዬ እገምታለሁ። ለጥረጋው ብቻ አቁሞ መቆለፍ ግን በፈረቃ አራት አጭር ዕረፍት ማለት ነው። ቁልፉ በጠራጊው እጅ ይሁን ያልሁት፣ በአዝራር ብቻ የቆመን ማሽን ሌላ ሰው ሳያውቅ ሊያስነሣው ስለሚችል ነው።

ወረቀቱን ከማስገባቴ በፊት ሱፐርቫይዘሩን ቢሮአቸው አግኝቼ «በጽሑፍ የማቀርበው ነገር አለኝ፤ አስቀድመው ከእኔ ቢሰሙት ብዬ ነው» አልኋቸው። እንደ እኛ ባለ አካባቢ ታላቅ ሰው ስለ ራሱ ክፍል ከመዝገብ ቤት በመጣ ወረቀት ሲሰማ ይከፋዋል። ግልባጩን ለሌላ ክፍል ያላደረግሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አቅርቤ በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ከነቀኑ እንዲፈርሙልኝ ጠየቅሁ።

እሳቸው መጀመሪያ ያነሡት ስለ አንገት ልብስ ነበር። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ሠራተኛው አንገቱንና ራሱን ጠምጥሞ ነው የሚሠራው። «ችግሩ ይህ ነው፤ እንከልክለው» አሉ። ልብሱ ቢከለከል እንደማልቃወም ገልጬ፣ ዛሬ የተሳበው ግን መጥረጊያ እንደሆነና ቀጥሎም እጅ ሊሆን እንደሚችል ነገርኋቸው። ከዚያ «ጋርዱ ለምን ይመስልዎታል የተፈታው?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ያኔ ወጣ፤ ጋርዱ ድፍን ላሜራ ስለነበረ ከውስጥ የሚጠራቀመውን እህል ለማውጣት በየጊዜው ስምንት ብሎን መፍታት ያስፈልግ ነበር፤ ሠራተኛው ሰልችቶት አንድ ቀን ሳይመልሰው ቀረ። የቆለፋው አሠራር በዚያው ቀን ተጀመረ። ጋርዱ ከታች እህሉ እንዲወድቅ ክፍተት ተትቶለት፣ ፊቱና ጎኑ እጅ በማያስገባ ሽቦ መረብ ተሠርቶ የተገጠመው ግን በዘጠነኛው ቀን ነበር።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 93 ሠራተኛው አደጋ ሊያስከትል የሚችል ሁኔታ ሲመለከት ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ መጻፍዎ አለቃን መክሰስ አይደለም፤ የተጣለብዎትን ግዴታ መወጣት ነው። ይሁን እንጂ አንቀጽ ቁጥር በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ባይጠቅሱ ይሻላል ባይ ነኝ። የሕግ ቁጥር ያየ ኃላፊ ወረቀቱን ወደ ሕግ ባለሙያ ይልከዋል፤ ሮለሩም እስከዚያው መዞሩን ይቀጥላል። መልስ ካጡና ለቀጣዩ ኃላፊ ወይም ለሠራተኛ ማኅበሩ የሚጽፉ ከሆነ ያኔ ይጥቀሱት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወረቀት እስኪነበብ ድረስ መጠበቅ ለሚችል ጉዳይ ነው። ሰው ጋርድ በሌለው ሮለር ሥር እጁን ሲያስገባ ካዩ መጀመሪያ ማሽኑን ያስቁሙ፣ ለፈረቃው ኃላፊ በቃል ይንገሩ፣ ከዚያ በዚያው ፈረቃ ውስጥ የሆነውን ይጻፉ። የእርስዎ ጉዳይ ወር ሊሞላው ስለሆነ በቃል የነገሯቸውን ሁለት ቀናት በማመልከቻው ውስጥ ያካትቱ፤ «በዚህ ቀንና በዚህ ቀን በቃል አሳውቄ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፤ «ሰሚ አጣሁ» የሚለውን አይጨምሩበት።

እኛ ጋ ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ ጋርድ አንድ ጎኑ ተፈቶ አገኘሁት። ያኔ የጻፍሁት አራት መስመር ብቻ ነበር፤ የኅዳር 17ቱን ማመልከቻ ቀንና «ደርሶኛል» የተባለበትን ፊርማ ጠቅሼ፣ አሁን የትኞቹ ሁለት ብሎኖች እንደጎደሉ ጻፍሁ። በዚያው ከሰዓት ተገጠሙ።