በሪሞት የዋይፋይ ፓስወርድ መጻፍ ላስቸገራችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ቤት ለቤት እየዞርኩ ቲቪና ዲሽ ስገጥም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቲቪውን ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩ በኋላ ረጅሙን ጊዜ የሚወስድብኝ ዋይፋዩን ማስገባት ነው። ዛሬ ማታ የምችለውን እመልሳለሁ። የቲቪውን ዓይነትና ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ጨምራችሁ ጠይቁኝ።

ከአዳማ፦ ፓስወርዱን አምስት ጊዜ ጻፍኩት፣ አምስቱንም ተሳስቷል አለኝ። ስልኬ ግን በዚሁ ፓስወርድ ይሠራል። ሪሞቱ ነው የተበላሸው?

ሪሞቱ አይመስለኝም፣ ወንድሜ። ስልክህ ፓስወርዱን አንዴ ተቀብሎ ስላስቀመጠው ከዚያ ወዲህ የጻፈው ሰው የለም። አንተ አሁን የምትጽፈው ከቃልህ ወይም ወረቀት ላይ ካየኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትክክለኛውን በዓይንህ እየው። አንድሮይድ ከሆነ በስልኩ ሴቲንግ ዋይፋይ ውስጥ ገብተህ የተገናኘህበትን ስም ንካና ሼር በለው። ስካን የሚደረገው ካሬ ምስል ይመጣል፤ በብዙ ስልኮች ከሥሩ ፓስወርዱ ተጽፎ ታገኘዋለህ። አይፎን ከሆነ ደግሞ ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ እዚያው ዋይፋዩ ውስጥ ያሳይሃል።

በቅርቡ የገጠመኝን ልንገርህ። ቤተሰቡ ወረቀት ላይ `abeba#2001` ብለው ጽፈው ለጥፈዋል። ስልካቸው ላይ ስናየው `Abeba#20o1` ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ሁለት ነው፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቋ A ናት፣ ከ1 በፊት ያለችው ደግሞ ዜሮ ሳትሆን ፊደሏ o ናት። በእጅ ጽሑፍ ሁለቱም ክብ ስለሆኑ ማንም አይለያቸውም። ትንሿ l፣ ትልቋ I እና ቁጥር 1 እንዲሁ ናቸው።

ከዚያ ቲቪው ላይ ምንም ከመጻፍህ በፊት `Show password` የሚለውን ወይም የዓይን ምልክቱን ምረጥ። ይህን ሳታደርግ የምታየው ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ የትኛዋ ፊደል ላይ እንደተሳሳትክ አታውቅም። በተለይ ወደ ላይ በምታመለክተው ቀስት፣ ትልልቅ ፊደል በምታወጣዋ፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአንዳንዱ ቲቪ አንዴ ስትጫናት የምትቀጥለዋን አንዲት ፊደል ብቻ ታተልቃለች። በሌላው ግን እስክታጠፋት ድረስ እንደበራች ትቆያለች፣ ያኔ `Abeba` ያልከው `ABEBA` ሆኖ ይገባል። ምልክቶቹን ለማግኘት ደግሞ `?123` ወይም `!@#` የሚል ቁልፍ ከታች በኩል አለ።

ከሐዋሳ፦ የኮምፒውተር ኪቦርድ ቲቪው ላይ ብሰካ ይሠራል ወይስ ያቃጥለዋል?

አያቃጥልም። እኔ ራሴ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው የምዞረው እሱን ነው። ፍላሽ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ሰክተህ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ። ሳምሰንግ፣ ኤልጂና አንድሮይድ ቲቪዎች በአብዛኛው ይቀበሉታል። ገመድ የሌለውና ትንሽ መቀበያ ያለው ኪቦርድም መቀበያውን ከሰካኸው እኩል ይሠራል። ኪቦርድ ካጣህ ማውስ ሰካ፤ ስክሪኑ ላይ ቀስት ይመጣልህና ፊደሎቹን እየጠቆምክ ትጫናለህ። ከሪሞት እጅግ ይፈጥናል።

በርካሽ ቲቪዎች ላይ ግን ቀዳዳው ፊልምና ፎቶ ከፍላሽ ለማየት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የማውሱ የሥር መብራት መብራቱ አያታልልህ፣ ኤሌክትሪክ አገኘ ማለት ብቻ ነው። ቀስቱ ስክሪኑ ላይ ካልመጣ ሌላ ቀዳዳ ካለ ሞክር። እዚያም ካልሆነ ቲቪው አይቀበለውም።

ከፍራንክፈርት፦ እኔ እዚህ ኪቦርድ ሰክቼ ነበር። y ስጫን z ይጽፋል፣ @ ጭራሽ አይወጣም። ኪቦርዱ አዲስ ነው።

ኪቦርዱ ደህና ነው፣ እህቴ። የጀርመን ኪቦርድ ላይ የ y እና የ z ቦታ ከእንግሊዝኛው ጋር ተለዋውጧል። ቲቪው ግን የተሰካበትን እንደ አሜሪካ ኪቦርድ እያነበበው ነው። ስለዚህ z ስትፈልጊ y የተጻፈባትን ተጫኚ፣ y ስትፈልጊ ደግሞ z የተጻፈባትን። @ ከ Q ጋር ሳይሆን ሺፍት ይዘሽ 2 ስትጫኚ ይወጣል። ምልክቱ ካስቸገረሽ ደግሞ ፊደሎቹን በኪቦርዱ ጽፈሽ ያቺን አንዲት ምልክት በሪሞቱ መጨመር ትችያለሽ፤ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ።

ከመቀሌ፦ ሰው ለምን እንደሚደክም አይገባኝም። ራውተሩ ላይ `WPS` የሚለውን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው፣ ያለ ፓስወርድ ይገባል።

ያለ ፓስወርድ መግባቱ ልክ ነህ። አሥር ሰከንዱ ግን አደገኛ ነው፣ እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። በብዙ ራውተሮች ላይ `WPS` እና `RESET` አንድ ቁልፍ ናቸው። ለአፍታ ሲጫኑት ያገናኛል፣ ሲይዙት ግን ሁሉንም አጥፍቶ ከፋብሪካ እንደመጣ ያደርገዋል። የዋይፋዩ ስምና ፓስወርድ ይጠፋል። ከዚያ የሚብሰው፣ ኢንተርኔቱ የሚገባበት የደንበኛው ስምና ፓስወርድም አብሮ ሊጠፋ መቻሉ ነው። አንድ ቤት እንዲህ ሆኖ ባለሙያ መጥቶ እንደገና እስኪያስገባላቸው ድረስ ኢንተርኔት ሳይኖራቸው ቆይተዋል።

ትክክለኛው መንገድ ቲቪውን ማስቀደም ነው። ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ `WPS` የሚለውን ምረጡ፣ ከዚያ የራውተሩን ቁልፍ ለአንድ ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ልቀቁት። ሁለት ደቂቃ ጊዜ አላችሁ። ቲቪው ላይ ምርጫው ከሌለ አትፈልጉት፤ ጉግል ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ስለተወው በብዙ አዳዲስ ቲቪዎች ላይ የለም።

ከጎንደር፦ ልጄ፣ የኛ ፓስወርድ ምልክት የበዛበት ነው፣ ሪሞቱን ይዤ ግማሽ ቀን እፈጃለሁ። ጎረቤቴ ወደ ስልክ ቁጥርሽ ቀይሪው አለችኝ። ልቀይረው?

እማማ፣ መቀየሩ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ወደ ስልክ ቁጥርዎ ግን አይሁን። ቁጥርዎ በ09 ይጀምራል፣ የሚቀረው 8 አሃዝ ነው። ይህ ቢበዛ 100 ሚሊዮን ዓይነት ነው። ለሰው ብዙ ይመስላል፣ ለኮምፒውተር ግን ጥቂት ነው። ሰብሮ መግባት የሚፈልግ ሰው አንድ ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ ያለውን ልውውጥ ከቀዳ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ሁሉንም ቁጥር ሊሞክር ይችላል። ያንን ሁሉ ሳይደክሙ ደግሞ ቁጥርዎን የሚያውቅ ጎረቤት ሁሉ ይገባል።

ምልክቱንና ትልልቁን ፊደል ይተዉትና ርዝመቱን ይጨምሩ። እንደመጣ የተመረጡ 12 ትንንሽ ፊደላት፣ ትልቅም ትንሽም ቁጥርም ምልክትም ከተደባለቀበት ባለ 8 ፓስወርድ ይልቅ ከ15 እጥፍ በላይ ለመገመት ይከብዳሉ። በሪሞት ደግሞ አንድም ጊዜ ገጽ ሳይቀይሩ ይጽፏቸዋል። ማስታወስ ካስቸገረዎት እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላትን ያጋጥሙ። ለምሳሌ ጀበና፣ ዝናብ፣ ወንበር፣ ቁልፍ ቢሉ እንዲህ ይሆናል፦

```
jebenazinabwenberqulf
```

ይህን ራሱን አይውሰዱት፣ አሁን ብዙ ሰው አይቶታል። አንድ ነገር ግን ከቤተሰቡ ጋር ይስማሙበት፤ ቁልፍን አንዱ በ q ሌላው በ k ይጽፈዋል። አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ሁላችንም የየራሳችን አጻጻፍ ስላለን እንዴት እንደጻፉት ወረቀት ላይ ያስፍሩት።

ለመቀየር የልጅ ልጅዎን ስልክ ይጠቀሙ። ዋይፋዩ ላይ እንደተገናኘ ብራውዘሩ ውስጥ የራውተሩን አድራሻ መጻፍ ነው፣ ብዙ ጊዜ `192.168.1.1` ነው። አድራሻውና መግቢያው ራውተሩ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ውስጥ `WLAN` ወይም `Wireless` የሚለው ጋ ፓስወርዱን ቀይሮ `Save` ወይም `Apply` ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት የቤቱ ስልክ ሁሉ ይቋረጣል፣ አይደንግጡ፤ እያንዳንዱ አዲሱን አንዴ መጻፍ አለበት።

ከደሴ፦ የሪሲቨሬ የቻናል መቆለፊያ ቁጥር ጠፋኝ። በዚህ መንገድ ይከፈታል?

ይህ ሌላ ነው ወንድሜ፣ ከዋይፋይ ጋር አይገናኝም። የሪሲቨሩን ሞዴል ጽፈህ ለብቻው ጠይቀኝ።

ከድሬዳዋ፦ ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፣ ግን ኢንተርኔት የለም ይለኛል። ዩቲዩብም አይከፍትም። ስልኬ ላይ ኢንተርኔቱ አለ። ፓስወርዱን ደግሜ ልጻፈው?

አትድገመው፣ ፓስወርዱ ትክክል ባይሆን መገናኘቱን ራሱን ይከለክልህ ነበር። የቲቪውን ሰዓትና ቀን እይልኝ። ዓመቱ ስንት ይላል?

ከድሬዳዋ፦ 2018 ይላል። ትክክል ነው፣ ስገዛው ራሴ ነኝ የሞላሁት።

ችግሩ እዚያ ነው። በኛ አቆጣጠር ልክ ነህ፤ ቲቪው ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል። ዩቲዩብና ሌሎቹም ሲከፈቱ ቲቪው የእያንዳንዱን ድረ ገጽ መታወቂያ ያያል፣ መታወቂያው ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚል ዘመን አለው። ቲቪህ 2018 ላይ ስላለ ሁሉም መታወቂያ ገና ያልወጣ ይመስለዋል፣ አይቀበለውም። ቀኑንና ወሩን ጭምር በፈረንጁ አድርገው። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ በኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ 9:00 ብለህ ሙላ። ከተገናኘ በኋላ ሰዓቱን `Auto` ላይ ተወው፣ ራሱ ከኢንተርኔት ያስተካክላል።

ከድሬዳዋ፦ ከፈተ! እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ራውተሩን ስነቅልና ስሰካ ነበር።

ከሪያድ፦ ስልኬን እንደ ሪሞት የሚያደርግ አፕ አወረድኩ። ቲቪውን ግን አያገኘውም። ፓስወርዱን በስልኬ ልጽፍ ነበር።

አፑ ቲቪውን የሚያገኘው ሁለቱም አንድ ኔትወርክ ላይ ሲሆኑ ነው፣ ያንተ ቲቪ ደግሞ ገና አልገባም። መውጫው የኔትወርክ ገመድ ነው። ቲቪውን በገመድ ከራውተሩ ጋር ለጊዜው አገናኘው፣ ስልክህ በዋይፋይ እዚያው ራውተር ላይ ስላለ አፑ ያገኘዋል። ከዚያ የዋይፋዩን ፓስወርድ መጻፊያ ክፈትና በስልክህ ኪቦርድ ጻፍ። አንዳንድ ቲቪ ገመዱ እስካለ ድረስ ዋይፋዩን አይከፍትም፤ እንዲህ ከሆነብህ ወደ ማውሱ ተመለስ።

ከሐዋሳ፦ እኔ ያለ ገመድ አድርጌዋለሁ። ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ ቀላል ፓስወርድ ሰጠሁት፣ ቲቪው ገባ፣ ከዚያ በአፑ የራውተሩን ፓስወርድ ጻፍኩ።

ከሪያድ፦ ይህንንም ሞክሬያለሁ። ቲቪው ሆትስፖቱ ላይ ገባ፣ አፑ ግን አሁንም አያየውም።

ሁለታችሁም የምትሉት ደርሶብኛል። ሆትስፖቱን የሚሰጠው ስልክ ራሱ አፑን ሲከፍት በአንዱ ስልክ ይገኛል፣ በሌላው አይገኝም። ከሪያድ ያለኸው፣ ሁለተኛ ስልክ ካለ ሆትስፖቱን ከአንዱ አውጣና አፑን በሌላው ክፈት፣ ሌላውም እዚያው ሆትስፖት ላይ ይግባ። የስልኮቹን ዓይነትም ጻፍልኝ።