ጣሪያ ሲያፈስ ውሉን ጠቅሶ ለአከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆጤ ነው የተከራየሁት። የሳሎኑ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። ለአከራዬ ለእትዬ ሁለቴ ብነግራቸው ‹እድሳት የተከራይ ነው ይላል ውሉ› አሉኝ። ውሉን ጠቅሼ ደብዳቤ ልጻፍላቸው ብዬ ነበር፤ ምን ብዬ ልጀምር?»

አብሽር ወንድሜ፣ እትዬ ያነበቡት ግማሹን ሊሆን ይችላል። ውሉን አውጣና «እድሳት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እስከ አራት ነጥቡ አንብበው። ብዙ ውል ላይ የሚገኘው «ተከራይ በአጠቃቀሙ ያበላሸውን ያድሳል» የሚል ነው። የተሰበረ መስታወትና የተበላሸ ቁልፍ በዚህ ይገባል። ዝገት የበላው ቆርቆሮ ግን አይገባም፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚኖር ተከራይ የለም። ከዚያው ውል «አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አድርጎ ያቆያል» ወይም «ዋና ዋና እድሳት የአከራይ ነው» የሚለውን ፈልግ፤ ደብዳቤህ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ውሉ ዝም ካለ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤቱን በደህና ሁኔታ ጠብቆ የማቆየቱን ግዴታ የሚጥለው በአከራዩ ላይ ነው። «የጣሪያ ጥገናም የተከራይ ነው» ብሎ በግልጽ ከጻፈና ከፈረምክበት ግን ደብዳቤው አቅም የለውም፤ ያኔ ወጪውን እንካፈል ብሎ በሽማግሌ መነጋገር ይሻላል።

ቀጥሎ የሚያፈሰው ጣሪያው መሆኑን አረጋግጥ። የደሴ ሌሊት ብርድ ስለሆነ የቤቱ እንፋሎት ቆርቆሮው ላይ ረግቶ ጠዋት ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይዘንብ ብዙ ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ካለ እሱ ነው። ዝናብ በያዘ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ የሚረጥብ ከሆነ ግን ቀዳዳ አለ። ኮርኒሱ ላይ የረጠበውን ዳር ዳሩን በእርሳስ ክበብና ቀኑን ጻፍበት። ከቀጣዩ ዝናብ በኋላ እርጥቡ ከመስመሩ ካለፈ ጉዳቱ እየሰፋ መሆኑን ማንም ያያል። ውኃ በቆርቆሮው ተዳፋት ወርዶ ስለሚንጠባጠብ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከምልክቱ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ጎማው የደረቀ ሚስማር አጠገብ ወይም ሁለት ቆርቆሮ የተደራረበበት ቦታ ላይ። አሸንዳውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ደፍኖት ከሆነ መጀመሪያ አንተ ጥረገው፣ አለዚያ «ሳይጠርገው ነው» ትባላለህ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። የውሉን አንቀጽ ቁጥር ከራስህ ውል ውሰድ፤ ለምሳሌ፦

«ለወ/ሮ ............
ጉዳዩ፦ የሚያፈስ ጣሪያ እንዲጠገን ስለመጠየቅ
ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም በተፈራረምነው የቤት ኪራይ ውል አንቀጽ 6 መሠረት ዋና ዋና እድሳት የአከራይ ግዴታ ነው። የሳሎኑ ጣሪያ ከሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ በዝናብ ጊዜ ያፈሳል፤ በሰሜን በኩል ኮርኒሱ አንድ ሜትር ያህል ረጥቦ ወደ ታች ጎብጧል። አሸንዳው ተጠርጎም ማፍሰሱ አልቆመም። ሐምሌ 10 እና 18 በቃል አሳውቄዎታለሁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት በ3 ቀን ውስጥ ቦታው በሸራ እንዲሸፈን፣ በ15 ቀን ውስጥ ደግሞ ቆርቆሮውና ሚስማሩ ተቀይሮ ጥገናው እንዲጠናቀቅ እጠይቃለሁ። የቤት ኪራዩን እንደወትሮው እየከፈልኩ ነው።»

ሁለት ቀነ ገደብ የሚቀመጠው በክረምት ዝናብ መካከል ቆርቆሮ መግለጥ ስለሚያስቸግር ነው፤ አንድ አጭር ቀን ብቻ ከሰጠህ «እንዴት በዝናብ?» ይሉሃል። በሲሚንቶ ብቻ ይደፈን ቢሉ አትስማማ፤ ቆርቆሮ በቀን ሙቀት ተለጥጦ በሌሊት ብርድ ሲሰበሰብ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 መሠረት ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ ለመክሰስ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ደብዳቤህ ያንን ሥራ የሚሠራው መድረሱ ሲታወቅ ነው። ሁለት ቅጂ አዘጋጅና አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙልህ። እምቢ ካሉ ሁለት ምስክር ባሉበት ስጣቸውና ምስክሮቹ በቅጂው ላይ ይፈርሙ፤ አለዚያ በፖስታ ቤት በሬኮማንዴ ላክና ደረሰኙን አስቀምጥ።

ኪራዩን ግን አታቁም፣ ከኪራዩ ላይም በራስህ ውሳኔ አትቁረጥ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እትዬ ወዲያው «ኪራይ አልከፈለኝም» ብለው ሊከሱህ ይችላሉ፣ የጣሪያውም ነገር ይረሳል። ራስህ አሠርተህ ሒሳቡን ልታቀናንስ ካሰብክ ስምምነታቸውን በጽሑፍ ተቀበል፤ መጠኑም ይገለጽ፣ የሠራተኛውና የቆርቆሮው ደረሰኝም አይጥፋ።