የደንበኞች መረጃ ሲሰረቅ ምን ተብሎ ይነገራቸዋል?

«ፒያሳ ካለው ሱቃችን በኦንላይን ያዘዙ ደንበኞች መረጃ ተሰረቀብን። ምን ብለን እንጻፍላቸው?»

ዛሬውኑ ቴክስት ላኩ፣ ግን ሊንክ አታስገቡበት፤ አጭበርባሪም የሚልከው እንደዚያው ነው። እንዲህ በሉ፦ «ማክሰኞ ማታ አንድ ሰው ያለፈቃድ ሲስተማችን ውስጥ ገብቶ ስምዎን፣ ስልክ ቁጥርዎንና ያዘዙትን ዕቃ ዝርዝር ወስዷል። ከእኛ ነኝ ብሎ ደውሎ፣ ስልክዎ ላይ የገባ ኮድ የሚጠይቅ ካለ ይዝጉበት። እኛ ኮድ አንጠይቅም።»

ትልቁ አደጋ ይሄ ጥሪ ነው። ደዋዩ ስማቸውንና የገዙትን ጫማ ሳይቀር ስለሚያውቅ ሰው ሳይጠራጠር ያምነዋል፣ ኮዱን ከሰጠው ደግሞ የባንክ አካውንቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፓስወርድም ወጥቶ ከሆነ ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታ የሚጠቀሙ እዚያም እንዲቀይሩ ንገሯቸው። ያላረጋገጣችሁትን ግን «አልተነካም» እንዳትሉ፣ «እያጣራን ነው» በሉ።