የሦስት ዶላሩ «ቀረጥ» እና በባንኩ የተላከው ኮድ

ጥያቄ፦ «ሰላም ወገኖቼ። ከአዲስ አበባ እናቴ የላከችልኝን ዕቃ እየጠበቅሁ ሳለ፣ ትናንት ማታ “ጥቅልዎ ጉምሩክ ላይ ተይዟል፤ 2.99 ዶላር ይክፈሉ” የሚል መልእክት ከዩኤስፒኤስ መጣልኝ። የዴቢት ካርዴን ቁጥር አስገባሁ፣ ባንኬ የላከልኝንም ኮድ ጻፍሁ። በኋላ አጭበርባሪዎች መሆናቸውን ሰማሁ። እስካሁን ግን ከሒሳቤ አንድ ሳንቲም አልተነካም። ተርፌአለሁ ማለት ነው? ነው ወይስ ካርዱን ልቀይር?»

እህቴ፣ አልተረፍሽም። ይህን ጽሑፍ ከመጨረስሽ በፊት ከካርድሽ ጀርባ ባለው ስልክ ቁጥር ባንክሽን ጥሪ። «ካርዴ ተሰርቋል» ብለሽ ብቻ አታቁሚ። «ይህ ካርድ በስንት ስልኮች ላይ በአፕል ፔይ ወይም በጉግል ፔይ ተመዝግቧል? የእኔ ያልሆነውን ሁሉ አጥፉልኝ» ብለሽ ጠይቂ። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር እነግርሻለሁ፤ እኛም ቤት የደረሰው ይኸው ነውና።

ሰዎቹ የፈለጉት 2.99 ዶላሩን አይደለም። ገንዘቡ እንዲያንስ ያደረጉት እጅሽ እንዳያመነታ ብቻ ነው። አንቺ ገጹ ላይ የካርድሽን ቁጥር ስትጽፊ፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ያንኑ ቁጥር በራሱ ስልክ የክፍያ ቦርሳ ውስጥ ያስገባል። ባንኩ ደግሞ «ካርዱን ስልክ ላይ የሚመዘግበው ባለቤቱ ነው ወይ?» ብሎ ለማረጋገጥ ኮዱን ወደ አንቺ ይልካል። በዚያው ቅጽበት የሐሰቱ ገጽ «ክፍያዎን ለማረጋገጥ ባንክዎ የላከውን ኮድ ያስገቡ» ይልሻል። ኮዱን ስትጽፊ ካርድሽ በእነርሱ ስልክ ላይ ተመዘገበ። ያን የባንክ መልእክት አሁን መልሰሽ አንብቢው። ብዙ ጊዜ ኮዱ ካርድን ወደ አፕል ፔይ ወይም ወደ ጉግል ፔይ ለመጨመር እንደሆነና ለማንም እንዳይሰጥ እዚያው ተጽፎ ይገኛል፤ ሰው ግን ቁጥሩን እንጂ ዓረፍተ ነገሩን አያነብም። ባለቤቴም አላነበበችም፤ እኔም በቦታዋ ብሆን አላነብም ነበር።

የእኛ ታሪክ እንዲህ ነው። ባለፈው መኸር ለልጃችን ክርስትና ሽሮ ሜዳ የተሰፋ የሐበሻ ቀሚስ እየጠበቅን ነበር። መልእክቱ ሲመጣ ባለቤቴ አልተጠራጠረችም፤ በዚያ ሰሞን በወገኖቻችን ዘንድ ስለ ቀረጥ የማያወራ አልነበረም። ቀድሞ ዋጋው ከ800 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር፤ ይህ ነጻነት ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ ተነሣ። ስለዚህ ቀረጥ ክፈሉ መባል እውነት የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ኮዱን አስገባች። ገጹ «ኮዱ ትክክል አይደለም፣ እንደገና ይሞክሩ» አላት። ሁለተኛ ኮድ መጣ፤ እሱንም አስገባች። ያ ሁለተኛው ኮድ ካርዱን በሌላ ስልክ ላይ ለመመዝገብ እንደነበረ የገባን በጣም ዘግይቶ ነው።

ዘጠኝ ቀን ምንም አልሆነም። ልክ እንዳንቺ «ተረፍን» ብለን ነበር። በአሥረኛው ቀን እግራችን ረግጦት በማያውቅ ክፍለ ግዛት፣ አንዱ 480 ሌላው 500 ዶላር የሆኑ ሁለት ግዢዎች ተፈጸሙ። ስልክ በመክፈያው ማሽን ላይ አስጠግቶ የሚከፈል ክፍያ ስለሆነ፣ ለባንኩ ራሷ ባለቤቴ ሱቅ ገብታ የገዛች ይመስላል። ደወልን፤ ካርዱን ዘግተው አዲስ ላኩልን። አዲሱ ካርድ ከፖስታው እንኳ በደንብ ሳይወጣ፣ በአራተኛው ቀን 312 ዶላር ተቆረጠበት። ያን ቀን ባለቤቴ አለቀሰች። በሦስተኛው ጥሪ ላይ ያገኘናት አንዲት ታታሪ ሠራተኛ ነገሩን ፈተሸችና ካርዱ ከባለቤቴ ስልክ ሌላ በሁለት ስልኮች ላይ ተመዝግቦ እንደሚገኝ ነገረችን።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ካርድ በስልክ ቦርሳ ሲመዘገብ፣ ስልኩ የሚይዘው ፕላስቲኩ ላይ የታተመውን ቁጥር ሳይሆን ለዚያ ስልክ ብቻ የተሰጠ ተተኪ ቁጥር ነው። ካርዱ ሲቀየር ተተኪው ቁጥር ከአዲሱ ካርድ ጋር በራሱ ሊያያዝ ይችላል። ለባለቤቱ ምቾት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው፤ ሌባው ስልኩ ላይ ካለ ግን ምቾቱ የእርሱ ይሆናል። ካርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም ያልሁሽ ለዚህ ነው። ሠራተኛዋ ሁለቱን ካጠፋቻቸው በኋላ እስከ ዛሬ አንድም የማናውቀው ወጪ አላየንም።

ስለ ገንዘቡም ልንገርሽ፤ ካርድሽ ዴቢት ስለሆነ ጊዜው ይቆጠርብሻል። በአሜሪካ ሕግ መጭበርበሩን ባወቅሽ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ለባንኩ ካሳወቅሽ ኪሳራሽ ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገየሽ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ የሒሳብ መግለጫሽ ከተላከልሽ 60 ቀን አልፎ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ሁሉ በአንቺ ላይ ሊቀር ይችላል። የእኛ ባንክ መጀመሪያ «ኮዱን ራስዎ ሰጥተዋል» ብሎ አቤቱታችንን መለሰው። አልተቀበልነውም። የዴቢት ካርድን በሚመለከተው ደንብ የደንበኛ ቸልተኝነት ከተባለው በላይ ኃላፊነት ሊያስጭንበት አይችልም። ይህንኑ ጠቅሰን በደብዳቤ ስንጽፍ ገንዘቡ ተመለሰ። በስልክ ያልሽውን በጽሑፍም ድገሚው፤ የደወልሽበትን ቀንና ሰዓት ያዢ። የመልእክቱንም የስክሪን ፎቶ አስቀሪ፣ ከዚያ ወደ 7726 አስተላልፊው፤ የስልክ ድርጅቶች የማጭበርበሪያ መልእክት የሚቀበሉበት ቁጥር ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ዕቃ ልመለስ፤ እሱም ያሳስብሻልና። እናትሽ በፖስታ ቤት ልካው ከሆነ ደረሰኙ ላይ 13 ሆሄና አሃዝ ያለው መከታተያ ቁጥር አለ፦ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አሃዞች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ምልክት የሆነው `ET`። በኢኤምኤስ የተላከ ከሆነ በ`E` ይጀምራል። የደረሰኙን ፎቶ አስልኪና ቁጥሩን አንቺው ራስሽ `usps.com` ብለሽ በከፈትሽው ገጽ ላይ አስገቢ። ለእኛ የመጣው መልእክት ጨርሶ ቁጥር አልነበረውም፤ ቢኖረውም በ`ET` ካላለቀ ከአዲስ አበባ ፖስታ ቤት የተነሣ ዕቃ አይደለም።

አድራሻውንም እንዲህ አንብቢው። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ቢመጣ፦

```
https://usps.com-fee.top/pay
```

ዓይን `usps.com` ላይ ያርፋል። ወሳኙ ግን ከ`https://` ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያ ነጠላ ጭረት በፊት ያለው መጨረሻ ነው፤ እዚህ `com-fee.top` ነው፣ ከዩኤስፒኤስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። መልእክቱ «መጀመሪያ Y ብለው ይመልሱ፣ ከዚያ አገናኙን ይክፈቱ» ካለም ጥርጥር አይግባሽ፤ አይፎን ከማይታወቅ ላኪ የመጣን አገናኝ ስለሚዘጋ፣ መልስ በመስጠትሽ እንዲከፈትላቸው ነው የፈለጉት።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ቀረጥ ክፈሉ የሚል መልእክት ሁሉ ሐሰት አይደለም። ዲኤችኤልና ፌዴክስን የመሳሰሉ የግል አመላላሾች እውነተኛ የመክፈያ አገናኝ ይልካሉ። እናትሽ በእነርሱ ልካው ከሆነ መልእክቱ ውስጥ ያለውን አገናኝ ትተሽ በመከታተያ ቁጥሩ በድርጅቱ ገጽ ግቢ፤ ዕዳ ካለ እዚያም ይታያል።

የእኛ ቀሚስ ከክርስትናው ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰ፤ ቀረጡን ላኪዋ እዚያው አዲስ አበባ ከፍላው ነበር። ባንክሽን ስታነጋግሪ ካርድሽ በስንት ስልክ ላይ እንደተመዘገበ የሚነግሩሽን እዚሁ ጻፊልኝ፤ አቤቱታሽን ከመለሱት ደብዳቤውን አብረን እንጽፈዋለን።